የሚሸጥ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ 2.60 በ1.80 ሜትር፣ ጀሞ 1 ኮንዶሚኒየም፣ 26,000 ብር

ጤና ይስጥልኝ። የሳሎናችንን ሶፋ ልሸጥ ነው። ግራጫ ጨርቅ የለበሰ ኤል ሼፕ ነው፤ አምስት ሰው ሳይጨናነቅ ያስቀምጣል። ጥር 2013 ላይ እዚሁ አዲስ አበባ በትዕዛዝ አሠራነው። ከዚያ ወዲህ ከእኛ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

መጀመሪያ የምሸጥበትን ምክንያት ልንገራችሁ፤ ለአንዳንዶቻችሁ እንዲገዙት ወይም እንዲተዉት የሚያደርገው እሱ ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ባለፈው ክረምት ጉልበቷን ክፉኛ ታመመች። ለህክምና እኛ ጋ ስትሰነብት ከዚህ ሶፋ መነሳት አቃታት። መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው፤ ከወለል 38 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ሁለት እጇን ይዘን ነበር የምናስነሳት። ይሄ ደግሞ በጣም ያሳፍራት ነበር፤ ውሃ ሲጠማት እንኳ ሰው እንዳላስቸግር ብላ ዝም ትላለች። አሁን ጠቅልላ ልትመጣልን ነው። ሳሎናችን ጠባብ ስለሆነ አልጋዋንና ከፍ ያለ ወንበሯን ከሶፋው ጋር አይችልም። ስለዚህ ሶፋው ይሂድ አልን። ሌላ ምክንያት የለውም።

እናንተም ቤት ጉልበቱን ወይም ወገቡን የሚያመው ሽማግሌ ካለ ይሄን ሶፋ ባትገዙት እመርጣለሁ። ለወጣት ባለትዳርና ልጆች ላሉት ቤት ግን ዝቅ ማለቱ ጥሩ ነው። ትንሹ ልጄ ድክ ድክ ማለት የጀመረው እሱን ተደግፎ ነው። ስንት ጊዜም ከላዩ ተንከባሎ ወርዷል፤ አንድም ቀን አልተጎዳም።

ልኬቱን ዛሬ ጠዋት በሜትር ደግሜ ለካሁት። ረጅሙ ጎን ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር ከ60 ነው። አጭሩ ጎን ማዕዘኑን ጨምሮ 1 ሜትር ከ80። ከመደገፊያው ጀርባ እስከ መቀመጫው ጫፍ 85 ሴንቲ ሜትር፣ ከወለል እስከ መደገፊያው አናት ደግሞ 78። የእጅ ማሳረፊያው ስፋት 22 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሲኒ ይይዛል። ከፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት አጭሩ ጎን በቀኝ በኩል ነው። ይሄ ወደ ግራ አይቀየርም፤ ብዙ ሰው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው የሚያስተውለው። እባካችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ሳሎናችሁ ወለል ላይ በኖራ ወይም በፕላስተር ምልክት አድርጉና በሩ መከፈቱን፣ መጋረጃው መሳቡን እዩ።

ሶፋው ለሁለት ይከፈላል። ከስር አራት ብሎን አለው፤ በ13 ቁጥር መፍቻ ይፈታል፣ መፍቻው እኔ ጋ አለ። ሲፈታ አንዱ ክፍል 2.60 በ85፣ ሌላው 95 በ85 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የእኛ በር ክፍቱ 83 ነው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ አያልፍም፤ በጀርባው አጋድሞ ነው የሚወጣው። ሲገባም እንደዚያ ነው የገባው።

አሁን ወደ ጉዳቱ። እውነቱን እዚህ ብጽፈው ይሻላል፤ ከአያት ጀሞ ድረስ ትራንስፖርት ከፍሎ መጥቶ ቅር ብሎት የሚመለስ ሰው እንዲኖር አልፈልግም።

ትልቁ ችግር ማዕዘኑ ላይ ነው። ባለቤቴ ማታ ማታ እዚያ ቦታ ነው የሚቀመጠው። ስፖንጁ ከሌላው ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰጥሟል። ሶፋውን ገልብጠን ከስር ያለውን ላስቲክ አይተነዋል፤ አልተበጠሰም፣ አልላላም። የደከመው ስፖንጁ ብቻ ነው። ሶፋ የሚያድስ ባለሙያ ጠርቼ የማዕዘኑን ስፖንጅ ለመቀየር 3,500 ብር ብሎኛል። ይሄን ሂሳብ ከዋጋው ላይ ቀንሼዋለሁ።

መካከለኛው መቀመጫ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል የቡና እድፍ አለ። በሳሙናም በኮምጣጤም ሞክሬዋለሁ፤ ደበዘዘ እንጂ አልለቀቀም። ትራሱ ስለሚገለበጥ እድፉ አሁን ከስር ነው፤ ስትመጡ ገልብጬ አሳያችኋለሁ። በመስኮት በኩል ያለው የእጅ ማሳረፊያ ፀሐይ ስለሚያገኘው ቀለሙ ትንሽ ሳስቷል። ፎቶ ላይ ብዙም አይታይም፣ በአካል ግን ይታያል። የአንዱ መደገፊያ ትራስ ዚፕ ተበላሽቶ በእጄ ሰፍቼዋለሁ። ከኋላ አንድ እግሩ ተቀይሯል፤ ቁመቱ እኩል ነው፣ ቀለሙ ግን ከሌሎቹ ጠቆር ይላል።

ትኋን የለውም። ይሄን በድፍረት የምናገረው በየሁለት ሳምንቱ ትራሶቹን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ስለማሰጣና ስፌቱን ስለማይ ነው። እናንተም ስትመጡ ባትሪ ይዛችሁ ስፌቱን ፈትሹ፤ ቅር አይለኝም። ቤታችን ሲጋራ የሚያጨስ የለም። እጣን ግን እናጨሳለን፤ ጨርቁ ትንሽ ይሸታል። ፍሬሙ ባህር ዛፍ ነው ብሎ ነው ሠሪው የሸጠልን። እስከ ዛሬ ሲንቋቋ አልሰማሁም።

ዋጋው 26,000 ብር ነው። ሲገዛ 28,000 ነበር። ተመሳሳዩን ዛሬ ለማሠራት ጠይቄ ከእጥፍ በላይ ነው የነገሩኝ፤ እሱን አስቤ ነው ይሄን ያልኩት። መጥቶ አይቶ የሚደራደር ሰው ካለ ትንሽ እቀንሳለሁ። ሳያይ በስልክ ለሚከራከር ግን አልቀንስም። ደላላ አያስፈልገኝም። ሁለት የሳሎን ምንጣፍና ትንሿን የእንጨት ጠረጴዛ ለሚገዛው ሰው በነጻ እጨምራለሁ፤ እነሱም ቦታ ይይዙብናል።

አነሳሱን በተመለከተ። ቤታችን 2ኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። ሁለት ጠንካራ ሰው ይበቃል፣ ባለቤቴም ያግዛል። ደረጃው መዞሪያ ላይ ረጅሙን ክፍል አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጎ ማዞር ያስፈልጋል። ዳማስ ይዛችሁ አትምጡ፤ ረጅሙ ክፍል አይገባም። ፒክአፕም ከሆነ ጫፉ ይወጣልና ገመድ ያስፈልጋል። ትንሽ አይሱዙ ከሁሉም ይሻላል፤ ሁለቱንም ክፍል አንዴ ይጭናል። ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል ሸራ ያዙ፤ ይሄ ጨርቅ ከረጠበ ለመድረቅ ቀናት ይፈጅበታል። በር ላይ የሚጠብቁ የጫኝና አውራጅ ልጆች አሉ። እነሱን ማሠራት ከፈለጋችሁ እቃው ሳይነካ በፊት ዋጋ ጨርሱ።

ለማየት በሥራ ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት እቤት ነኝ። ለመጫን ግን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ፣ እሁድ ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ነው። ከጨለመ በኋላ ጥበቃዎቹ እቃ አያስወጡም። የመውጫ ወረቀቱን ከማህበሩ ቢሮ የማወጣው እኔ ነኝ፤ የሚጭነውን መኪና ሰሌዳ ቁጥር አንድ ቀን ቀድማችሁ ላኩልኝ።

ሳታዩት ብር አትላኩልኝ። አይታችሁ ከወደዳችሁት 2,000 ብር ቀብድ እቀበላለሁ፤ እስከ ቅዳሜና እሁድ ድረስ ለሌላ ሰው አላሳይም። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ እስከ ዓርብ ማታ ንገሩኝ፣ ቀብዱን ሙሉውን እመልሳለሁ። የቀረውን ሶፋው መኪና ላይ ሲወጣ በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ ታስገባላችሁ።

እማዬ የምትመጣው ጥቅምት 20 ነው። ከዚያ በፊት ባለው እሁድ ሶፋው መውጣት አለበት። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትጽፉ የሳሎናችሁን ስፋትና ስንተኛ ፎቅ እንደምትኖሩ ጨምሩልኝ፤ ይገባል አይገባም የሚለውን ከመምጣታችሁ በፊት አብረን እናየዋለን።