ስለ ተደጋጋሚ የሥራ ሰዓት መዘግየት የተሰጠ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ

ቀን፦ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለአቶ ይበልጣል
የጠዋት ፈረቃ አስተናጋጅ

ጉዳዩ፦ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያን ይመለከታል

ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በምግብ ቤታችን በአስተናጋጅነት እየሠሩ ይገኛሉ። የጠዋት ፈረቃ ከንጋቱ 12:00 ሰዓት እንደሚጀምር በሥራ ውልዎ ላይ ተጽፏል፤ ሲቀጠሩም ተነጋግረንበታል። ይሁን እንጂ ከፋሲካ ወዲህ በመፈረሚያ መዝገቡ ላይ በራስዎ ፊርማ የሰፈረው የመግቢያ ሰዓት የሚከተለውን ያሳያል።

ሰኞ ሚያዝያ 20፦ 12:25
ዓርብ ሚያዝያ 24፦ 12:40
ማክሰኞ ግንቦት 5፦ 12:35
ዓርብ ግንቦት 8፦ 12:20
ሐሙስ ግንቦት 14፦ 1:10
ሰኞ ግንቦት 18፦ 12:30

ከእነዚህ ውስጥ የሚያዝያ 24ቱን አልቆጠርንብዎትም። እናትዎን ሌሊት ሐኪም ቤት ወስደው እንደነበር ገና 12:00 ሰዓት ሳይሞላ ደውለው አሳውቀዋል። በቀሩት አምስት ቀናት ግን አስቀድሞ የደረሰን ስልክም መልእክትም የለም። በግንቦት 5 እና በግንቦት 8 ስንጠይቅዎ ባጃጅ እንዳጡ ነግረውናል። በዚያ ሰዓት ከሰፈርዎ ባጃጅ ማግኘት እንደሚያስቸግር እናውቃለን፤ ችግሩ የሌሎችም ባልደረቦችዎ ነው። ግንቦት 8 ቀን ከፈረቃው በኋላ ለብቻችን ተቀምጠን ስንነጋገር ከእንግዲህ እንደማይደገም ቃል ገብተውልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ጊዜ ዘግይተዋል፤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተገደድኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቤታችን መናኸሪያው አጠገብ ስለሆነ የጠዋቱ ገበያ ያለው በመጀመሪያዋ አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ወደ አዲስ አበባም ሆነ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዘው እንግዳ ፍርፍሩንና ሻዩን ቶሎ ካላገኘ መኪናው ጥሎት ይሄዳል። ግንቦት 14 ቀን የሆነውም ይኸው ነው። በእርስዎ በኩል ያሉት አምስት ጠረጴዛዎች ሰው ሞልቶባቸው አብራዎት የምትሠራው ባልደረባዎ የራሷን አራት ጨምራ ዘጠኝ ጠረጴዛ ለብቻዋ ስታስተናግድ ቆየች። ፍርፍርና እንቁላል አዝዘው የነበሩ አራት ተጓዦች ምግቡ ማድ ቤት መስኮት ላይ ደርሶ የሚያቀርብላቸው ሰው በማጣታቸው ሳይበሉ ተነሥተው ሄዱ። አንዲት እናት ልጃቸውን አዝለው ነበር። ከሒሳቡ ይልቅ እኔን ያሳዘነኝ እንግዳ ከቤታችን ተርቦ መውጣቱ ነው።

ይህን ስጽፍ መልካም ሥራዎን ዘንግቼ አይደለም። ስምዎን ጠርተው «እሱ ያስተናግደን» የሚሉ ደንበኞች አሉ። በዘንድሮው ጥምቀት ሰው ባነሰበት ሰዓት ሁለት ፈረቃ ደርበው ሠርተዋል። በሒሳብም ሆነ በእንግዳ አያያዝ አንድም ቅሬታ ቀርቦብዎ አያውቅም። በመዘግየትዎ ምክንያት ከደመወዝዎ የተቀነሰ ገንዘብ የለም፤ አሁንም አይቀነስም።

ሆኖም ሕጉን ማወቅ ስለሚገባዎ በግልጽ እጽፍልዎታለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 1 (ሀ) መሠረት፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ያለ በቂ ምክንያት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ የሥራ ሰዓት ያላከበረ ሠራተኛ የሥራ ውሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ ይችላል። ነገሩ እዚያ እንዲደርስ ፈጽሞ አልፈልግም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ 12:00 ሰዓት ላይ የሥራ ልብስዎን ለብሰው ጠረጴዛዎ ዘንድ እንዲገኙ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ሲገጥምዎም ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በፊት እንዲደውሉ እናሳስባለን። አስቀድመው ከነገሩን ሌላ ሰው እንተካለን።

የእናትዎ ሕመም አሁንም ሌሊት የሚያስነሣዎ ከሆነ ወይም የጠዋቱ መንገድ የማይቻል ከሆነብዎ፣ ከቀኑ 8:00 ሰዓት ወደሚጀምረው ፈረቃ መዛወር ይችላሉ። ቦታውን ሊለውጥዎ ፈቃደኛ የሆነ ባልደረባ አግኝቻለሁ፤ ደመወዝዎም አይነካም። ምርጫው የእርስዎ ስለሆነ እስከ ዓርብ ግንቦት 22 ድረስ ያሳውቁኝ። ከላይ ከተመዘገቡት ቀናትና ሰዓታት ትክክል ያልሆነ ካለ ወይም ያልሰማነው ምክንያት ካለዎ እስከዚያው ቀን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ መዝገቡን አብረን እናያለን፤ መልስዎም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይያያዛል።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቷል። አንዱን ለራስዎ ይያዙ፤ በሁለተኛው ላይ መድረሱን ፈርመው ይመልሱልን። ፊርማዎ ደብዳቤው እንደደረስዎ ብቻ የሚያሳይ ነው፤ ጥፋቱን አምነዋል ማለት አይደለም።

ከሰላምታ ጋር
ሙሉጌታ
ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦ ለግል ማኅደር