የ2017 በጀት ዓመት የቁጠባ ወለድ አከፋፈል፦ ለአባላት የተሰጠ ማብራሪያ

ለቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራችን አባላት በሙሉ
ጅማ

ጠቅላላ ጉባኤው ለቁጠባ ወለድ ያጸደቀው 348,000 ብር የሚከፋፈለው ሰኔ 30 ቀን በየደብተሩ በተገኘው ቀሪ አይደለም፤ ገንዘቡ በማኅበሩ በቆየበት ጊዜ ልክ ነው። ደመወዝተኛው በየወሩ ይቆጥባል፤ ቡና አቅራቢው ምርቱን ሲሸጥ በአንድ ጊዜ ያስገባል። በጥር ብድር የወሰደ አባል የተጠቀመው በጥር በነበረው ገንዘብ ስለሆነ ወለዱም ለዚያ ገንዘብ ባለቤት ይገባል።

ከሐምሌ 2016 እስከ ሰኔ 2017 ከእያንዳንዱ ወር ዝቅተኛው ቀሪ ይወሰዳል። እስከ ወሩ 5ኛ ቀን የገባ ለዚያው ወር ይታሰባል፣ ከዚያ በኋላ የገባው ለቀጣዩ። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር እንደ አንድ ወር ተቆጥሯል። የ12ቱ ወራት ቀሪዎች ተደምረው የአባሉ «ብር በወር» ይገኛል። የአባላት ሁሉ ድምር 52,200,000 ሆኗል፤ 348,000 ለዚህ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1,000 ብር በወር 6.6667 ብር፣ በዓመት 8 በመቶ ይደርሳል።

ዓመቱን ያለ ቁጠባ ጀምረው ሰኔ 30 እኩል 24,000 ብር ያላቸው ሦስት አባላት እንውሰድ፦

በየወሩ እስከ 5ኛው ቀን 2,000 የቆጠበ፦ 156,000 ብር በወር፣ ወለዱ 1,040 ብር
ታኅሣሥ 3 ቀን 24,000 ያስገባ፦ 168,000 ብር በወር፣ ወለዱ 1,120 ብር
ሰኔ 3 ቀን 24,000 ያስገባ፦ 24,000 ብር በወር፣ ወለዱ 160 ብር

የሦስቱን ወለድ ድምር 2,320 ብር በሰኔ 30 ቀሪ ብናካፍል ኖሮ እያንዳንዳቸው 773.33 ብር ይወስዱ ነበር። ሦስተኛው ለአንድ ወር ብቻ ላቆየው ገንዘብ ከሁለቱ ድርሻ 613 ብር ገደማ ይወስድ ነበር ማለት ነው። ይህን ፍትሐዊ ነው ማለት አይቻልም።

ብዙ ቅሬታ የሚነሳው ከወጪ ነው። ሁለተኛው አባል መጋቢት 12 ቀን 10,000 ብር አውጥቶ መጋቢት 26 ቢመልስ የመጋቢት ዝቅተኛ ቀሪው 14,000 ስለሆነ ወለዱ በ66.67 ብር ይቀንሳል። ሚያዝያ ላይ ግን ምንም አይጎድልበትም። በየቀኑ ማስላት የበለጠ ትክክል ይሆን ነበር፤ ነገር ግን መዝገባችን በእጅ የሚሠራ ስለሆነ ስህተት ይበዛበታል።

በባንክ ያስገባችሁ ሰዎች ቀኑ የሚቆጠረው ደረሰኙን ለቢሮ ባመጣችሁበት ሳይሆን በደረሰኙ ላይ ባለው ቀን ነው። የብድር ክፍያና የዕጣ ግዢ ቁጠባ አይደሉም፤ በዕጣ ላይ የሚገኝ ትርፍ ለብቻው ይታሰባል። በደብተር ላይ ተቀላቅለው የተጻፉ ካሉ አሁኑኑ አሳዩን። ሒሳቡ እስከ መጨረሻው ሳይጠጋጋ ተሠርቶ ሳንቲም ላይ ብቻ ተጠጋግቷል።

የየአባሉ የ12 ወር ዝርዝር በቢሮ ይገኛል። ከደብተራችሁ ጋር ወር በወር አመሳክሩ፤ ልዩነት ካለ ደብተሩንና ደረሰኙን ይዛችሁ እስከ ሐምሌ 25 ቀን 2017 ኑ። ወለዱ ሐምሌ 30 በየደብተሩ ይመዘገባል፣ ካልወጣም ከነሐሴ ጀምሮ እንደ ቁጠባ ይቆጠራል።

የማኅበሩ ሒሳብ ክፍልና የቁጥጥር ኮሚቴ