ውድቅ የተደረገ የካሳ ጥያቄ በድጋሚ እንዲታይ ስለመጠየቅ

ለካሳ ክፍል ኃላፊ

ለገጣፎ ባለው ቤቴ ላይ ለደረሰው የውኃ ጉዳት ያቀረብኩትን የኢንሹራንስ ካሳ ጥያቄ «በጥገና ጉድለት የመጣ ነው» ብላችሁ ውድቅ አድርጋችኋል። አልስማማም።

ሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ሌሊት ሲለቀቅ በኃይል ይመጣል፤ ወደ ሮቶው የሚወጣው ቧንቧ መጋጠሚያ የፈነዳውም ያኔ ነው። መጋጠሚያውን አስቀምጬዋለሁ። ስንጥቁ አዲስ ነው፣ ዝገት የሚባል የለውም። ቀስ በቀስ ሲያንጠባጥብ የቆየ ቢሆን ኖሮ ኮርኒሱ ቀድሞ ይበሰብስ ነበር። ገማቻችሁ ግን ጣሪያው ላይ እንኳ ሳይወጣ ከታች አይቶ ሄደ። አረቦኔን ሳላዛንፍ ለምከፍል ሰው ይሄ ያሳዝናል።

ሰኔ ላይ ቧንቧውን የፈተሸው ባለሙያ ደረሰኝና ፎቶዎች ተያይዘዋል። ሌላ ገማች እንድትልኩልኝ፣ ውሳኔው ካልተቀየረም የተመሠረተበትን የውል አንቀጽ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ። ካልሆነ አቤቱታዬን ለብሔራዊ ባንክ አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቤቱ ባለቤት