እየሰፋ ስለሄደው ሽፍታ፣ ከ4 ፎቶ ጋር

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ጥር ላይ የልጄን ችፌ ያዩልኝ እናት ነኝ፣ አሁን ተራው የኔ ሆነ።

ከ3 ሳምንት በፊት ግራ ክንዴ ላይ ሳንቲም የምታክል ቀይ ክብ ወጣች፣ ዳሯ ከፍ ያለ፣ መሃሏ ጠራ ያለ። ጎረቤቴ ጭርት ነው ብላ ነጭ ሽንኩርት አሸችልኝ፤ አቃጠለኝ እንጂ አልጠቀመኝም። ከዚያ ከፋርማሲ ቤታሜታሶን ቅባት ገዝቼ ጠዋትና ማታ ለ8 ቀን ተቀባሁ፣ መጀመሪያ ማሳከኩ ተወኝ፣ ከ5ኛው ቀን በኋላ ግን እስከ አንገቴ ተዛመተ። ከትናንት ወዲያ አቆምኩት። ሳሙናም ሎሽንም አልቀየርኩም። ትኩሳት የለኝም፣ መግልም አልያዘም። ድመታችን ግን ፀጉሯ እየረገፈ ነው፣ ይገናኝ ይሆን?

ፎቶዎቹ በተነሱበት ቅደም ተከተል ናቸው፣ መጨረሻው የቅባቱ ነው። እስክመጣ ምንም ሳልቀባ ልቆይ?