የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ

ቀን፡- ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም

ለደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል
የሰው ሀብት አስተዳደር
ደሴ

ጉዳዩ፡- ለትምህርት ስል ሥራ የምለቅ መሆኔን ስለማሳወቅ

እኔ አመልካች ከኅዳር 2011 ዓ.ም ጀምሮ በሆስፒታሉ በነርስነት ስሠራ ቆይቻለሁ፤ አሁን የምገኘው በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕፃናት ነርሲንግ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ለመማር ተቀባይነት አግኝቻለሁ። ትምህርቱ በመደበኛ መርሐ ግብር የሚሰጥ በመሆኑ ከሥራ ጋር ጎን ለጎን ማስኬድ አይቻለኝም። ስለሆነም የአንድ ወር ቅድሚያ ማስታወቂያ በመስጠት ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም የመጨረሻ የሥራ ቀኔ እንዲሆንልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። ወጪውን የምሸፍነው በግሌ ስለሆነ ከሆስፒታሉ ጋር የገባሁት የትምህርት ውል የለም።

ነርሲንግን የተማርኩት ኮሌጅ ቢሆንም እጄ የተፍታታው እዚህ ነው። በ2014 ዓ.ም በጦርነቱ ንብረቱ የተዘረፈው ሆስፒታላችን እንደገና ሥራ ሲጀምር የነበረውን መረባረብ አልረሳውም። የክፍላችን አስተባባሪ ተረኛ ባይሆኑም እንኳ ሌሊት ደውዬ የመድኃኒት መጠን አብረውኝ አስልተዋል፤ ስልካቸው ሳይነሳ የቀረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ያለ ቀናቸው የተወለዱ ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ ታቅፈው የሚውሉት እናቶችም ትዕግሥትን አስተምረውኛል። ለአመራሩ፣ ለሐኪሞቹ፣ ለነርሶቹና ለጽዳት ሠራተኞቻችን ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ርክክቡን በተመለከተ፣ በስሜ ወጪ የሆኑትን ዕቃዎች በሙሉ ቆጥሬ በፊርማ አስረክባለሁ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የጨቅላ ሕፃናቱን ትንፋሽ የሚያግዘው የሲፓፕ ማሽን ሥራ ነው። አዲስ የተመደቡት ነርሶች ማሽኑን መግጠም ያውቃሉ፤ ተረኛ ሲበዛበት የሚዘነጋው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውኃ ከታዘዘው ልክ እንዳይጎድል፣ አረፋው እንዳይቋረጥና የሕፃኑ አፍንጫ እንዳይቆስል ደጋግሞ ማየት ነው። ስለዚህ የሚተካኝ ባለሙያ በቶሎ ቢመደብልኝ ቀንም ሌሊትም አብሬው ተረኛ ሆኜ አሳየዋለሁ። የኦክስጅን ማሽኖቹ ማጣሪያ የሚታጠብበትን ፕሮግራምና የትኛው ማሽን በምን እንደሚያስቸግር ጽፌ በክፍሉ መዝገብ ላይ አያይዛለሁ። ከሄድኩ በኋላም ጥያቄ ካለ ከክፍል ሰዓት ውጭ በስልክ እገኛለሁ።

በመጨረሻም ክሊራንስ እንዲፈጸምልኝና የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲጻፍልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ትምህርቴን ስጨርስ ክፍት የሥራ መደብ ከወጣ ተወዳድሬ ለመመለስ ሐሳብ አለኝ።

ከሰላምታ ጋር

ሲ/ር ብርቱካን አሰፋ
ፊርማ

ግልባጭ፡-
ለነርሲንግ አገልግሎት ዳይሬክተር
ለጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል አስተባባሪ