«እሱን ያርማል፣ መሰሎቹን ያስተምራል»፦ የቅጣት ዓላማዎች ሲጋጩ (የድርሰት ቢጋር)

ለወንጀል ሕግ ትምህርት ማጠቃለያ ድርሰት፣ ሐዋሳ፣ የሕግ 3ኛ ዓመት

ጥያቄው፦ ማስፈራት፣ ለአጥፊው የእጁን መስጠት፣ ማረምና ከኅብረተሰቡ መለየት ሲጋጩ ዳኛው የትኛውን ያስቀድም?

አቋሜ፦ አራቱን እኩል መቁጠር ስህተት ነው። አጥፊው ያጠፋው ጥፋት የቅጣቱን ጣሪያ ይወስን። ከጣሪያው በታች ማረም ይቅደም። ከኅብረተሰቡ መለየት አደገኛነቱ በማስረጃ ለተረጋገጠ ሰው ብቻ ይቆይ። ማስፈራት ደግሞ በእስራቱ ርዝመት ላይ ከሚጫን ይልቅ ወንጀለኛን ፈልጎ የመያዝ ሥራ ይሁን።

1. መግቢያ (ሁለት አንቀጽ)

በባትሪው ልጀምር። ጉዳዩን ለማስረጃነት ራሴ የፈጠርኩት ነው፤ አቶቴ አካባቢ ለሚኖር ሰው ግን እንግዳ አይሆንም። የባጃጅ ሹፌሩ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ወጥቶ ቁልፉን ያዞራል፤ ድምፅ የለም። ወንበሩን ሲያነሳ ባትሪው የለም፤ ሁለቱ ሽቦዎች በቢላ ተቆርጠው ተንጠልጥለዋል። የዕለት ገቢውን ለባለቤቱ የሚያስገባው ማታ ነው፤ ባትሪ ጠፋ ብሎ የሚቀነስለት ነገር የለም። ከሳምንት በኋላ ሁለት ሰዎች ይያዛሉ። አንዱ 19 ዓመቱ ነው፣ ከዚህ በፊት ተከሶ አያውቅም። ሌላው 34 ዓመቱ ነው፣ በስርቆት ሲቀጣ ይህ ሦስተኛው ነው። ሁለቱም አብረው ነው የሰረቁት፤ ድርጊቱም አንድ ነው።

ከዚያ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ልለፍ። የፍርድ ዜና የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል፦ «ተከሳሹን ያርማል፣ መሰሎቹን ያስተምራል በማለት…»። እዚህ ላይ መጠየቅ የምፈልገው፦ ልጁን የሚያርመው እስራትና መሰሎቹን የሚያስፈራው እስራት እኩል ርዝመት ካልሆኑስ? ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱን በነጠላ ሰረዝ አጣብቆ ያልፋቸዋል። የድርሰቱ ሥራ ያንን ነጠላ ሰረዝ መፍታት ነው።

2. ሕጋችን ምን ይላል? (አንድ አጭር አንቀጽ)

የወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) አንቀጽ 1፦ በማስጠንቀቅ መከላከል፤ ይህ ካልበቃ ቀጥቶ ከዳግም ወንጀል ማራቅና ለሌሎች ትምህርት ማድረግ፣ እንዲሁም ማረም። የእጅን መስጠት በስሙ አልተጠራም። አንቀጽ 88 ላይ ግን የጥፋተኝነት ደረጃ በግልጽ አለ፤ አደገኛነቱ፣ ያለፈ ሕይወቱና የወንጀሉ ክብደትም አብረውት ተዘርዝረዋል። ሁሉም አለ፤ ቅደም ተከተል የለም። አንቀጽ 87 ላይ ያለውን የሰብዓዊ ክብር መርህ ለክፍል 5 ላቆየው።

3. ማስፈራት

ሀ. ጠንካራው ክርክር፦ ሕግ ሳይፈራ አይከበርም። ይህን በሙሉ ልብ ልጻፈው፤ ሹፌሩም የሚለው ይኼንኑ ነው።

ለ. ጣሊያናዊው የወንጀል ሕግ ፈላስፋ ቤካሪያ በ1764 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተናገረው ዛሬም አልተሻረም፦ ሰውን የሚገታው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን መያዙ አይቀሬ መሆኑ ነው። በዘመናችን የተደረጉ የወንጀል ጥናቶችም በአብዛኛው ወደዚሁ ያመለክታሉ። ባትሪውን የቆረጠው ልጅ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስርቆትን የሚቀጣውን አንቀጽ 665 አላሰበም፤ ጥበቃው ተኝቷል ወይስ አልተኛም የሚለውን ነው ያሰበው። ይህ ዓረፍተ ነገር የክፍሉ ልብ ስለሆነ እንዳይወጣ።

ሐ. የጀርመናዊው ፈላስፋ የካንት ተቃውሞ፦ ሰውን ለሌሎች ማስተማሪያነት ብቻ መጠቀም ሰውነቱን መርሳት ነው። «መሰሎቹን ያስተምራል» የሚለውን ከዚህ ጋር ፊት ለፊት ላቁመው። ልጁ ለመሰሎቹ ሲባል ሁለት ዓመት ቢጨመርበት፣ የሁለት ዓመቱ ዕዳ የማን ነው?

4. የእጅን መስጠት

ብዙ ጓደኞቼ ይህን ክፍል «በቀል ነው» ብለው ሊዘሉት ይፈልጋሉ። አልስማማም። በቀል ልክ የለውም፤ የእጅን መስጠት ግን ልክ አለው። «ዓይን ስለ ዓይን» ራሱ ሲነገር ገደብ ነበር፤ ከአንድ ዓይን አትለፍ ማለት ነው። ስለዚህ ለቅጣት ጣሪያ የሚሰጠን ከአራቱ ይህ ብቻ ነው። ማስፈራት ጣሪያ የለውም። ማረምም «እስኪታረም» ካልን የለውም። መለየት ጭራሽ የለውም።

ድክመቱ፦ ለአንድ ባትሪ ስንት ወር እንደሚገባ አይነግረንም፤ ከስንት እንደማይበልጥ ብቻ ይጠቁማል። ይህን በግልጽ ልመን።

የሐዋሳ ጉዳይ እዚህ ይግባ፦ የሲዳማ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው «አፊኒ?» (ሰማችሁ?) ብለው ነው የሚጀምሩት። መጀመሪያ እውነቱ ይወጣል፣ ከዚያ ካሣና እርቅ። ይህ ከአራቱ ዓላማዎች ውስጥ የትኛው ነው? የትኛውም አይደለም። አራቱም የሚያወሩት ስለ አጥፊውና ስለ መንግሥት ነው፤ ባትሪው የተሰረቀበት ሰው በአራቱም ውስጥ የለም። (ይህ ራሱን የቻለ ድርሰት ይወጣዋል፤ እዚህ ግን ከአንድ አንቀጽ አይለፍ። ሽማግሌውን በዳኛ ቦታ እተካለሁ እያልኩ እንዳይመስልም ልጠንቀቅ።)

5. ማረም

ከስሙ ልነሳ። ወህኒ ቤት፣ እስር ቤት፣ ማረሚያ ቤት፤ ሦስቱም ግቢው ያው ነው፣ ስሙ ግን ቃል ኪዳን ሆኗል። «ማረሚያ» ካልን ልጁ ሲወጣ የገባው ልጅ መሆን የለበትም፤ እንጨት ሥራ ወይም ብየዳ ተምሮ፣ ወይም 12ኛን ጨርሶ ይውጣ። የሕጉ መግቢያም ታራሚ ከመሰቃየት ይልቅ የሙያ ሥልጠናና ትምህርት እንዲያገኝ ይፈልጋል። በአመክሮ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ መፈታት (አንቀጽ 202) እና ቅጣትን በገደብ ማቆየት የዚሁ ሃሳብ ልጆች ናቸው።

ተቃውሞውን አልደብቅም። በ1974 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ማርቲንሰን የእርማት ፕሮግራሞችን መርምሮ ያወጣው ጽሑፍ «ምንም አይሠራም» ተብሎ ተተረጎመ፤ ፖለቲከኞችም ሮጡበት። እሱ ራሱ በ1979 ድምዳሜውን ማለዘቡን የሚጠቅስ ጥቂት ነው፤ እኔ እጠቅሳለሁ። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብደኛል፦ አስገድዶ ማረም ክብርን አይነካም? መልሴ፦ ትምህርቱ ይቅረብ፣ ልብን መለወጥ ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይሁን። ይህን የምደግፈው በአንቀጽ 87 ነው።

6. ከኅብረተሰቡ መለየት (አጭር)

የ34 ዓመቱ ሰው እዚህ ይመጣል። ውስጥ እስካለ ባትሪ አይሰርቅም፤ ይህ እውነት ነው። ዋጋው ግን ደጋግሞ ያጠፋን በረጅም እስራት የሚቀጣውን የካሊፎርኒያን እ.ኤ.አ. የ1994 ሕግ ያስታውሰናል፦ ቀድሞ የተቀጣ ሰው በሁለት ጊዜ 9 የቪዲዮ ካሴቶች ሰርቆ ከ50 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2003 በ5 ለ4 ድምፅ አጸናው። ግዛቲቱ ሕጉን በ2012 በሕዝብ ድምፅ አላላችው። ደግሞም አብዛኛው ሰው ዕድሜው ሲገፋ ስርቆትን ይተዋል፤ የ60 ዓመት ሽማግሌ ማሰር ማንን ይጠብቃል?

7. ማሳረጊያ (አንድ አንቀጽ፤ ምዕራፎቹን አልከልስም)

ወደ ሁለቱ ተከሳሾች ተመልሼ የቅጣት ውሳኔውን ራሴ ልጻፍ፦

«ሁለቱ ተከሳሾች የፈጸሙት ድርጊት አንድ በመሆኑ ለድርጊቱ ከሚገባው ጣሪያ በላይ አንዳቸውም አይቀጡም። 1ኛ ተከሳሽ ወጣትና የመጀመሪያ ጥፋተኛ ስለሆነ ቅጣቱ በገደብ ይቆይ፤ የባትሪውን ዋጋ ለተበዳዩ በየወሩ ይክፈል። 2ኛ ተከሳሽ በተደጋጋሚ የተቀጣ ስለሆነ ከጣሪያው ሳያልፍ ይታሰር፤ በእስር ቆይታውም የሙያ ሥልጠና እንዲያገኝ ለማረሚያ ቤቱ ይጻፍ።»

«መሰሎቹን ያስተምራል» የሚለው ሐረግ በውሳኔው ውስጥ አይገባም።