ከአንጀኒ እስከ ተምቤን፦ የሴሚናር መክፈቻ ንግግር በአማርኛና በትግርኛ

(መቀሌ፣ የመሬት ሀብት አያያዝ ትምህርት ክፍል፣ የኅዳር ወር ሴሚናር፤ በትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የቀረበ)

ጤና ይስጥልኝ። ከመይ ሓዲርኩም።

ክቡራን መምህራን፣ ተማሪዎቻችን፣ ከደጉዓ ተምቤንና ከክልተ ኣውላዕሎ ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ አርሶ አደሮች፣ ከጎጃም ድረስ ጥሪያችንን አክብረው የመጡልን ዶክተር ይልቃል፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ስለ አፈር ጥበቃ እርከን የምናገረው በሁለት ቋንቋ ነው። በአማርኛ የምለው ለእንግዳችንና ለተማሪዎች፣ በትግርኛ የምለው ፊት ለፊት ለተቀመጡት አርሶ አደሮች ነው። አንዱ የሌላው ትርጉም ስላልሆነ ሁለቱንም የምትሰሙ ሰዎች መሀል ላይ ሹልክ ብላችሁ ቡና ፍለጋ እንዳትወጡ። ቡናው የሚደርሰው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

እንግዳችንን ላስተዋውቅ። ዶክተር ይልቃል የአፈር ሳይንስ ተመራማሪ ናቸው። ሥራ የጀመሩት ግን በቤተ ሙከራ አይደለም፤ ደምበጫ አካባቢ በሚገኘው የአንጀኒ ተፋሰስ የውሃ ናሙና ቀጂ ሆነው ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለተማሪዎቹ ማስረዳት እፈልጋለሁ። ዝናብ ዘንቦ የወንዙ ውሃ ቡናማ መሆን ሲጀምር፣ ቀንም ይሁን ሌሊት፣ ናሙና ቀጂው ወደ መለኪያው ይሮጣል። በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር ጠርሙስ ይሞላል፤ ውሃው እስኪጠራ ድረስ አይመለስም። ከዚያ ናሙናው ተጣርቶ፣ ደርቆ፣ ይመዘናል። መጽሐፍ ላይ «የአፈር ብክነት በሄክታር ይህን ያህል ቶን» ተብሎ በአንድ መስመር የሚነበበው ቁጥር የተገኘው በክረምት ሌሊት ጃንጥላ ይዞ ከተነሣ ሰው ነው። ቁጥሩን ስትጠቅሱ እሱንም አስቡት።

የአንጀኒ ጣቢያ ብቻውን አልተወለደም። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1981 በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር ሲጀመር ሃንስ ሁርኒ ይመሩት ነበር። መጀመሪያ ደቡብ ወሎ ማይባር ላይ፣ ከዚያ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ፣ በወላይታ ጉኑኖ፣ በጎጃም አንጀኒ፣ በኢሉባቦር ዲዚ እያለ ቀጠለ። ሥርዓቱ ተለወጠ፣ ገንዘብ ሰጪው ተለወጠ፣ ግን ልኬቱ በአንዳንዶቹ ጣቢያዎች ለአሥርት ዓመታት ዘልቋል። በአገራችን ስንት ነገር ተጀምሮ በሦስተኛው ዓመት እንደሚቀር ለምታውቁ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጽሑፍ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር እንደሚታጠብ የገመቱት እነዚህን ጣቢያዎች ይዘው ነው። ሒሳቡን ሥሩት፦ በሄክታር 42 ቶን ማለት ከመሬቱ ገጽ ሦስት ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ነው። አንድ ዓመት ላይ ቆሞ ለሚያይ ዓይን አይታይም። ገበሬው የሚያየው ያረሰው መሬት ድንጋይ ሲያበቅል ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ርዕስ። አንጀኒ ላይ እ.ኤ.አ. በ1986 ተፋሰሱ በሙሉ በፋንያ ጁ እርከን ተሠራ፤ ከቦዩ የሚወጣው አፈር ወደ ላይኛው በኩል የሚጣልበት ዓይነት ነው። ዓመታት ሲያልፉ አፈሩ ከእርከኑ ጀርባ እየሞላ ተዳፋቱ ወደ ደረጃ ተለወጠ። የአፈር ብክነቱ ቀነሰ፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ክርክሩ የሚነሣው ጎተራው ላይ ነው። በፕሮግራሙ ጣቢያዎች የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት አፈሩ ቢያዝም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ምርቱ እምብዛም አልጨመረም። እርከኑ ራሱ ከማሳው ላይ ቦታ ይወስዳል። ዝናቡ ብዙ በሆነበት አገር ደግሞ ውሃው ከእርከኑ ጀርባ እየተኛ ሰብሉን ያቢጫል። አንጀኒ በዓመት ከ1600 ሚሊሜትር በላይ ይዘንባል። የጎጃም ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ማሳው ላይ በማረሻ ፈሰስ የሚያወጣው ውሃው እንዲሄድለት ነው፤ እኛ መጥተን ውሃውን አቁምልን አልነው።

እዚህ መቀሌ ዝናቡ በአማካይ 600 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ እሱም በሁለት ወር ተጠቃሎ ያልቃል። የእኛ ገበሬ ውሃ እንዲቆምለት ይለምናል። የዩኒቨርሲቲያችን ተመራማሪዎች ከቤልጂጉ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ተምቤን ላይ ባደረጉት ጥናት የድንጋይ እርከን የአፈር ብክነትን በአማካይ 68 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝተዋል። ይህን ቁጥር ሁላችሁም በመመረቂያ ጽሑፋችሁ መግቢያ ላይ ትጽፉታላችሁ፤ አንብቤዋለሁ። ቀጥሎ ያለውን ግን አትጽፉትም፦ ከእርከኑ ጀርባ ደለል ሲሞላና ጥገና ሲቀር ብቃቱ እየወረደ ይሄዳል። ሪፖርት ላይ የተሠራ እርከን አይፈርስም፤ ተራራ ላይ የተሠራው ግን ይፈርሳል።

የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው፤ እንግዳችንንም የጋበዝነው ለዚህ ነው። ከደርግ ዘመን የስንዴና የዘይት ክፍያ ጀምሮ እስከ ዛሬው የጥርና የካቲት ዘመቻ ድረስ የአፈር ጥበቃን የለካነው በኪሎ ሜትር ነው። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን፣ ይህን ያህል ሕዝብ ወጣ፣ ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በብዙ ቦታ ገበሬው በምግብ ለሥራ የተሠራውን እርከን አፈረሰው። ያኔ «ግንዛቤ ስለሌለው ነው» ተባለ። እኔ እንደሚመስለኝ ገበሬው ሒሳቡን ከእኛ ቀድሞ ሠርቶ ነበር፦ ምን ያህል ቦታ ወሰደብኝ፣ ምን መለሰልኝ? ዶክተር ይልቃል ዛሬ የሚያቀርቡት በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ውሃ በሚበዛበት አገር እርከንን ከውሃ ማስወገጃ ቦይ ጋር እንዴት ማቀናጀት እንደሚቻል፣ በእርከኑ ላይ መኖ ሲተከልበት የተወሰደው ቦታ እንዴት ለገበሬው እንደሚመለስ፣ ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ግን ይህ ሁሉ ለምን ከንቱ እንደሚሆን ይነግሩናል። በመጨረሻው ነጥብ ላይ ከእኛ አገር የግጦሽ ክልከላ ልምድ የሚወስዱት ነገር ያለ ይመስለኛል፤ የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር እ.ኤ.አ. በ2012 የኢኳተር ሽልማትን ያገኘው በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ትግርኛ ልለፍ። ዶክተር፣ ለጥቂት ደቂቃ ይታገሡኝ።

ክቡራት ኣቦታትናን ኣዴታትናን፣ እንቋዕ ብደሓን መጻእኩም።

እዞም ጋሻና ካብ ጎጃም እዮም መጺኦም። ዓዶም ማይ ይበዝሖ፤ ሓረስታይ ጎጃም ነቲ ማይ ካብ ግራቱ ንምውጻእ እዩ ዝጽዕር። ንስኹም ግን ነቲ ማይ ኣብ ግራትኩም ንምትራፍ ትጽዕሩ። ስለዚ ሎሚ ትሰምዕዎ ነገር፣ ከምዘለዎ ወሲድኩም ግበርዎ ኣይንብለኩምን። ኣብ ዓድና ይሰርሕ ዶ ኣይሰርሕን፣ ንስኹም ክትነግሩና ኢና ጸዊዕናኩም።

ዛላ ዝሃነጽኩም ንስኹም ኢኹም። እምኒ ዝተሰከምኩም፣ ሕዛእቲ ዝሓለኹም ንስኹም ኢኹም። ዛላ ካብ ግራት ክንደይ ቦታ ከም ዝወስድ፣ ኣንጭዋ ኣብ መንጎ እምኒ ሰፊራ እኽሊ ከም እትበልዕ፣ ካባና ንላዕሊ ትፈልጡ። ነዚ ኣብዚ ተዛረብዎ። ኣብ ኣኼባ ዓዲ ዛላ ጽቡቕ እዩ ኢልኩም ኣጨብጪብኩም፣ ገዛ ምስ ኣተኹም ትብልዎ ካልእ ኣሎ፤ ሎሚ ክንሰምዖ ንደሊ ዘለና ነቲ ኣብ ገዛኹም እትብልዎ እዩ።

ኣብ ግዜ ኲናት፣ ሓይሊ መብራህቲ ኣብ ዘይነበረሉ እዋን፣ ንዕንጨይቲ ተባሂሉ ዝተቖርጸ ሕዛእቲ ኣሎ። ንዕኡ ኣልዒልና ሰብ ክንወቅስ ኣይኮንናን። እንታይ ተሪፉ፣ እንታይ ባዕሉ ይበቁል ኣሎ ግን ክንፈልጥ ንደሊ።

ኣስተምህሮ ብኣምሓርኛ እዩ። ሓደ መምህርና ኣብ ጎንኹም ኮፍ ኢሉ ክትርጉመልኩም እዩ። ሕቶኹም ብትግርኛ ሕተቱ፤ ቀዳማይ ዕድል ናታትኩም እዩ። የቐንየለይ።

ወደ አማርኛ ልመለስ። ለአርሶ አደሮቹ ካልኩት አንዱን ብቻ ለእንግዳችን ልንገራቸው፦ እርከን መልካም ነው ብለው እንዲያጨበጭቡ ሳይሆን ቤታቸው ገብተው የሚሉትን እዚህ እንዲሉልን ጠይቄያቸዋለሁ። የድንጋይ እርከን ውስጥ ስለሚሰፍረው አይጥ ከጠየቁዎ አይገረሙ፤ እኛ አገር ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፣ ባልደረቦቻችንም አጥንተውታል።

ስለ አካሄዱ አጭር ነገር። ገለጻው 45 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች የአርሶ አደሮቹ ናቸው፤ ተማሪዎች ከእነሱ ቀጥሎ፣ መምህራን መጨረሻ ላይ። መምህራን ጥያቄ ጠይቁ እንጂ ሁለተኛ ገለጻ አታቅርቡ፤ እኔንም ይጨምራል። መብራት ከጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ማንም ከቦታው አይነሣ፣ ዶክተር ይልቃል ያለ ስላይድ መናገር አያቅታቸውም። ከሰዓት በኋላ ወደ ተምቤን የሚሄደው አውቶብስ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከበሩ ይነሣል። 30 ሰው ብቻ ስለሚይዝ ቅድሚያ የሁለተኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪዎች ነው። እዚያ እንግዳችን በዕድሜ የገፋ እርከን ያዩና እንዲታደስ ወይስ እንዲተው የሚሉትን በቦታው ይነግሩናል፤ ባለ ማሳው አርሶ አደርም አብረውን ስለሚሆኑ ክርክሩ እዚያ ይቀጥላል።

ዶክተር ይልቃል፣ መንገዱ ቀላል እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ስለመጡልን ከልብ እናመሰግናለን። መድረኩ የእርስዎ ነው፤ ይምጡ።